የደሴው ልጅ የት ነው የተቆጠረው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በ2006 ዓ.ም. ከአገር ወጥቼ አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ፓስፖርቴ ዛሬም የኢትዮጵያ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህን ያህል ደረሰ ሲባል እኔ አለሁበት? በአማራ ክልልስ፣ በደሴስ ቁጥር ውስጥ? እናቴ ደግሞ ቆጠራ ከመጣ ‹ስምህን አስመዘግባለሁ፣ ከቤቱ እንዳትጠፋ› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ በደንቡ ከሄድን የለህበትም። በአገሩም፣ በክልሉም፣ በከተማውም ቁጥር ውስጥ የለህም። በተግባር ግን ሳትኖርበት አትቀርም። ያውም እናትህ ሳታስመዘግብህ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳህ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ደንቡን እንያዝ። የሕዝብ ቆጠራ የሚቆጥረው ዜጋን ሳይሆን ነዋሪን ነው። ፓስፖርትህ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ የምትቆጠረው በምትኖርበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ቻይናዊ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሆኖ ይቆጠራል። አሌክሳንድሪያ ያለህ አንተ የአሌክሳንድሪያ ነህ። «መኖር» የሚባለው ምን ያህል ጊዜ ነው ካልክ፣ የተባበሩት መንግሥታት ለቆጠራ ያወጣው ምክር ሁለት መለኪያ አለው። አንደኛው 12 ወር ነው። ሌላው ካለፈው ዓመት የሚበዛውን ጊዜ፣ ማለትም ቢያንስ ስድስት ወር ከአንድ ቀን ነው። አገሮች ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። ሰውየው ገና ቢመጣም ያን ያህል ለመቆየት ካሰበ ነዋሪ ነው። ገና ቢሄድም ያን ያህል ለመቆየት ከሄደ ነዋሪ አይደለም። ይቺ «አሳብ» የምትባለው ነገር ነች ቆጣሪን የምታስቸግረው። የሰው አሳብ በመጠይቅ አይያዝማ።

በግንቦት 1999 ቆጠራ ጊዜ ወሎ ውስጥ የቆጣሪዎች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቆጣሪዎቹ አብዛኞቹ መምህራን ነበሩ፤ ጎበዞች። አንድ ቀን ከአንዷ ቆጣሪ ጋር ወደ አንድ ቤት ገባን። እናትየው ቡና አፍልተው ነበር። «እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ማን ነው?» ስትላቸው ስድስት ስም ጠሩ። ቤቱ ውስጥ ግን ሁለት ሰው ነው ያለው። ቆጣሪዋ «እገሌስ የት ነው?» አለች። «ጅዳ ነው» አሉ። «ከሄደ ስንት ጊዜው?» «ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።» «እንግዲያ እዚህ አይኖርም እኮ፣ እማማ።» ሴትየዋ ተቆጡ። ተነሥተው የጓዳውን በር ከፈቱና የተነጠፈውን አልጋ አሳዩን። «አልጋው እኮ አለ! ምን ማለትሽ ነው አይኖርም?» ቆጣሪዋ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔም ስኒዬን አየሁ።

ሴትየዋ አልዋሹም። እሳቸው የመለሱት ስለ ቤተሰብ ነው፤ እኛ የጠየቅነው ስለ ነዋሪ ነው። በአማርኛ «የቤትህ ሰው» የምንለው ሰው ሪያድ ሆኖም የቤትህ ሰው ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ከመንግሥት ወረቀት ላይ ስም ከጠፋ ቤቱም፣ ርስቱም፣ መመለሻውም የሚጠፋ ይመስላል። እናትህ «ከቤቱ እንዳትጠፋ» የምትለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ደህና ቆጣሪ «ስንት ናችሁ?» ብሎ አይቆምም። እያንዳንዱን ስም ይዞ «ትናንት ሌሊት የት አደረ? ከሄደ ስንት ጊዜው? መቼ ይመለሳል?» ይላል። አሰልቺ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ሠላሳኛው ቤት ሲደርስ፣ ቆጣሪውም ሰው ነውና የተነገረውን ጽፎ ያልፋል።

አሁን የአንተን ቤት እንቁጠር። ቆጠራው ነገ ነው እንበል። እናትህ አሉ። አንተ ውጭ ከወጣህ ዓመታት አለፉ። እኅትህ በሁለት ዓመት ኮንትራት ሪያድ ከሄደች ሰባት ወሯ ነው እንበል። ታናሽ ወንድምህ ከሦስት ሳምንት በፊት በመተማ በኩል ወጥቶ ድምፁ አልተሰማም። የአጎትህ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል። እናትህን የምታግዝ ልጅ ደግሞ ከገጠር መጥታ ስምንት ወር ቤቱ ውስጥ አለች። እናትህ የሚጠሩት አምስት ስም ነው፤ ራሳቸውን፣ ሦስታችሁንና የአጎትህን ልጅ። የምታግዛቸውን ልጅ ይረሷታል። በደንቡ ደሴ ላይ መጻፍ ያለበት ግን እናትህና እሷ ብቻ ናቸው። የአጎትህ ልጅ በአገሩ ድምር ውስጥ አለ፤ ከክልሉና ከደሴ ግን ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ ይጻፋል። አንተና እኅትህ ከሦስቱም ወጥታችኋል። እኅትህ ገና ሰባት ወሯ ቢሆንም የሁለት ዓመት ውል ይዛ ስለሄደች በሁለቱም መለኪያ የሳውዲ ነዋሪ ነች።

ታናሽ ወንድምህስ? እውነቱን ልንገርህ፣ እሱ ጋ ደንቡ ይሰነጠቃል። በአሳቡ ሄዷል። ግን ሌላ ቦታ ገና ነዋሪ አልሆነም። ሱዳን ሆነ ሊቢያ የሚቆጥረው የለም። እኔ ተቆጣጣሪ ብሆን እዚያው እናቱ ቤት አስጽፈው ነበር። ሌላው ባልደረባዬ አያስጽፈውም። ሁለታችንም መመሪያ የምንጠቅስበት አናጣም። አንድ ቤት እንዲህ በጠያቂው ጥንቃቄ ብቻ ሁለትም፣ ሦስትም፣ አምስትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጅ ወደ ዐረብ አገር የሄደበት ሰፈር ሲሆን ልዩነቱ በክልሉ ድምር ላይ ባይታይም በቀበሌው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀበሌ ካልኩ ዘንድ፣ የቀበሌ መዝገብ ከቆጠራ ጋር አንድ አይደለም። ቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ አለው። ከዚያ ቅጽ የምትወጣው መሸኛ ስትጠይቅ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ሰው መሸኛ ያወጣል፤ እዚያ መታወቂያ ሊያወጣበት ነውና። በቦሌም ሆነ በመተማ ከአገር የሚወጣ ሰው መሸኛ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ስሙ እዚያው ይቀራል። አንዱ ቢሮ የከተማውን ነዋሪ ከቀበሌ ደምሮ ሲነግርህ፣ ሌላው ከቆጠራ አንሥቶ ሲነግርህ፣ ሁለቱ የማይገጥሙት አንዱ ስለዋሸ ላይሆን ይችላል። አንተ በመጀመሪያው ውስጥ አለህ፣ በሁለተኛው ውስጥ የለህም።

እዚህ ድረስ ደንቡ ነው። አሁን «ሳትኖርበት አትቀርም» ወዳልኩህ እንምጣ።

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው ግን በግንቦት 1999 ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ በኅዳር 2000። የዚያን ጊዜ ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ ተቆጠረ። ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዘመ፣ ይኸው እስካሁን አልተካሄደም። ስለዚህ ዛሬ የምትሰማው የአገር፣ የክልል፣ የከተማ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። አንተ ደግሞ በ1999 የት ነበርክ? በ2006 ከወጣህ ደሴ ነበርክ። እናትህ ስምህን ጠርተው፣ ቆጣሪው ጽፎ፣ በትክክል ተቆጥረሃል።

ትንበያ እንዲህ ነው የሚሠራው። የተቆጠረውን ሕዝብ በጾታና በዕድሜ ትደረድረዋለህ። ከ20 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወንዶች ይህን ያህል፣ ሴቶች ይህን ያህል እያልክ። ከዚያ አምስት ዓመት ወደፊት ትገፋቸዋለህ። ከመካከላቸው ስንቱ እንደሚሞት ግምት አለ፤ ትቀንሳለህ። ሴቶቹ ስንት እንደሚወልዱ ግምት አለ፤ ትጨምራለህ። መጨረሻ ላይ የገባና የወጣ ሰው ይመጣል። ውልደትና ሞት በየጊዜው በሚደረጉ የጤና ጥናቶች በደንብ ይለካሉ። ከአገር የወጣ ሰው ግን የሚለካበት ዋና መሣሪያ ራሱ ቆጠራው ነው፤ እሱም የለም። ስለዚህ በዚህ ሣጥን ውስጥ የሚገባው ቁጥር ዜሮ ወይም ዜሮን የምትቀርብ ግምት ትሆናለች። አንተ አልሞትክም፤ ትንበያውም በሞት አልቀነሰህም። በመሄድህ ካልቀነሰህ ደግሞ ዛሬም ደሴ ውስጥ አለህ ማለት ነው። ዕድሜህም በትክክል ጨምሯል።

እኅትህ ጋ ነገሩ ከዚህም ይገርማል። ትንበያው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ይዞ ልጅ ያስወልዳቸዋል። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው እኅትህ ካልተቀነሰች ደሴ ውስጥ በአማካይ ልክ እየወለደች ነው። የእሷ ልጆች ደግሞ ለትምህርት ቤት ወንበር ይታቀድላቸዋል። ቀልድ አይደለም፤ የስሌቱ ባሕርይ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሲጎተት ስሕተቱ ይወልዳል ማለት ነው፣ ቃል በቃል።

እንግዲህ ስሕተቱ በየደረጃው እኩል አይደለም። በ2013 የተካሄደው የሥራ ኃይልና የፍልሰት ጥናት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአገር የወጡትን ከ8 መቶ ሺህ በላይ ብሎ ገምቷቸዋል። ብዙ ይመስላል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላይ ስታስቀምጠው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የአገሩ ድምር ብዙም አይናወጥም። ግን እነዚህ ሰዎች ከሁሉም ቦታ እኩል አልወጡም። ከወሎ ወደ ዐረብ አገር፣ ከሐዲያ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ እንዲህ መንገዱ በአካባቢ የተያዘ ነው። ለአንድ ወረዳ የሚሠራ ትንበያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚከፋፈል ነው። ወረዳው በ1999 ከክልሉ ይህን ያህል በመቶ ነበር፣ ዛሬም በዚያው ያዘው ይባላል። ወጣቱ የወጣበት ወረዳ ያላነሰ መስሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ጥርጣሬህን ጨምር። በነገራችን ላይ ደሴ ራሷ በ1999 151 ሺህ ገደማም፣ 120 ሺህ ገደማም ተብላለች። የመጀመሪያው ዙሪያዋን ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል፣ ሁለተኛው ከተማውን ብቻ ነው። ሰው «የደሴ ሕዝብ» ሲልህ መጀመሪያ የትኛዋን ደሴ ብለህ ጠይቅ።

ስደቱ ቁጥሩ ውስጥ ይታይ እንደሆን በምን ይታወቃል? በዕድሜና በጾታ የተዘረዘረውን ሰንጠረዥ አውጣ። በ20ዎቹ ያሉትን ሴቶች በዚያው ዕድሜ ካሉ ወንዶች ጋር አስተያይ። ሴቶቹ ድንገት ከጎደሉ፣ በ30ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከተመለሱ፣ ዐረብ አገር እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አለች። ግን አትቸኩል። ብዙ የገጠር ሴት ልጅ አዲስ አበባ ገብታም ይሆናል። ዕድሜ ሲጠየቅ ሁሉም 20፣ 25፣ 30 እያለ የሚያጠጋጋበት አመልም አለብን። ስለዚህ የአዲስ አበባን ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ይዘህ ነው መፍረድ ያለብህ።

አሁን ወዳለህበት አገር ልውሰድህ፤ ደረጃው እንዴት እንደሚለያይ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የአሜሪካ ቆጠራ ቀኑ መጋቢት 23፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ አንተ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ቨርጂኒያ ስቴት ነዋሪ ሆነህ መቆጠር ነበረብህ። ወረቀት ኖረህ አልኖረህ አይጠየቅም። በአማርኛ የተጻፈ መመሪያም ነበረው። ያልተቆጠርክ ከሆነ ምክንያቱ ፓስፖርትህ ሳይሆን ቤዝመንት ተከራይተህ ባለቤቱ ቅጹን ሲሞላ የራሱን ቤተሰብ ብቻ ጽፎ ይሆናል። የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው እዚያ ነው።

አሜሪካ ግን ውጭ ያሉ የራሷን ሰዎች ምን ታደርጋለች? እዚህ ጋ አንድ ልዩ ነገር አለ። ውጭ አገር የተመደቡ ወታደሮችና የፌዴራል ሠራተኞች፣ ከቤተሰቦቻቸው ጋር፣ ከመሥሪያ ቤቶቻቸው መዝገብ ይቆጠራሉ። መዝገቡ የሚናገረው የመጡበትን ስቴት ብቻ ነው፤ ቤትና መንገድ የለውም። ስለዚህ በስቴቱ ላይ ይደመራሉ፤ ያውም የምክር ቤት ወንበር ለማከፋፈል ብቻ። ከተማ ላይ አይደመሩም። ጀርመን የተመደበ የቨርጂኒያ ወታደር ለቨርጂኒያ ወንበር ይቆጠራል፣ ለአሌክሳንድሪያ ግን የለም። ዱባይ የምትኖር ነጋዴ፣ አሜሪካዊት ዜጋ ብትሆንም፣ የትም የለችም።

ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ2000 ቆጠራ ጊዜ ፍርድ ቤት ደረሰ። 435ቱ የምክር ቤት ወንበሮች በሕዝብ ብዛት ሲከፋፈሉ የመጨረሻዋ ወንበር ለሰሜን ካሮላይና ደረሰች። ዩታ ያጣቻት በ857 ሰው ነው። ሰሜን ካሮላይና ትላልቅ የጦር ሰፈሮች ያሉባት ናት፤ ውጭ ካሉት የፌዴራል ሰዎች 18,360 ተደመሩላት። ለዩታ የተደመሩት 3,545 ነበሩ። ዩታ ደግሞ ከ11 ሺህ በላይ የሞርሞን ሚስዮናውያን ውጭ አገር ነበሯት። አብዛኞቹ እስከ ሁለት ዓመት ሰብከው የሚመለሱ ልጆች ናቸው። «ወታደሩ ሲቆጠር የእኛ ሰባኪ ለምን ይቀራል?» አለች። ወይ ሁሉም ይቆጠር ወይ ማንም አይቆጠር ነው ነገሩ። ሰባኪዎቹ ቢቆጠሩ ወንበሯ የእሷ ነበረች። ተከራከረች፣ ተረታችም። ወንበሯን ያገኘችው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሕዝቧ አድጎ ነው።

እኔ ለዩታ አዝኛለሁ። ግን ቆጣሪዎቹም ምክንያት ነበራቸው። ወታደር ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት አለው፤ የት እንዳለ ይታወቃል። ሌላው ዜጋ ግን መዝገብ የለውም። «እስኪ እንሞክር» ብለው እ.ኤ.አ. በ2004 ፈረንሳይ፣ ኩዌትና ሜክሲኮ ውስጥ ያሉ አሜሪካውያንን ለመቁጠር ሙከራ አደረጉ። ማስታወቂያ ተነገረ፣ ቅጽ ተበተነ። ከሦስቱ አገር ተሞልቶ የተመለሰው 5,390 ቅጽ ነበር፤ አንዱ ቅጽ ወደ 1,450 ዶላር ፈጀ። ከገንዘቡ በላይ ችግሩ ግን ሌላ ነው። ከስንት ውስጥ 5,390 እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አገር ቤት ሲሆን የቤት ቁጥር ይዘህ ትዞራለህ፤ ያልተከፈተ በር ያልተቆጠረ ሰው እንዳለ ይነግርሃል። ውጭ አገር ላይ የሚዘጋ በር እንኳ የለም። ነገሩ እዚያው ቀረ።

የእኛ አገር ቢሞክረውስ? ያው ችግር ነው፤ አንድ ይጨመርበታል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። አጠገብህ ያለው ጓደኛህ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ቀን የኢትዮጵያ ዜጋ መሆኑ ያበቃል። ቢጫ ካርድ ቢይዝም ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው እንጂ ዜጋ አይባልም። ስለዚህ «ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ስንት ነው?» ሲባል ቁጥሩ በሚሊዮን የሚዘለው ሰው ስለሚያጋንን ብቻ አይደለም። አንዱ ዜጋን፣ ሌላው ኢትዮጵያ የተወለደን፣ ሦስተኛው ሜሪላንድ የተወለዱ ልጆችን ጨምሮ ይቆጥራል። የአሜሪካ ዓመታዊ የነዋሪዎች ጥናት ትውልድ አገር ስለሚጠይቅ ኢትዮጵያ የተወለዱትን ከ2 መቶ ሺህ በላይ ያደርሳቸዋል። ለአሜሪካ ብቻ ከሆነ ይህ ከኤምባሲ ግምት የተሻለ ነው፤ ልጆቻችሁ ግን የሉበትም። ለሳውዲ እንዲህ ያለ ነገር ፈልገህ አታገኝም።

በእናትህ በር በኩል ግን አንድ የሚሠራ ዘዴ አለ። አንዳንድ አገሮች ከነዋሪዎች ዝርዝር በኋላ ለብቻው የተለየ ጥያቄ ያስገባሉ፤ «ከዚህ ቤት ወደ ውጭ ሄዶ የቀረ አለ? መቼ ሄደ? ወዴት?» ይላል። ይህ የሄደውን ሰው ከነዋሪ ሳይደምር ይመዘግበዋል። የሚያመልጠው ቤተሰቡ በሙሉ የሄደበት ቤት ነው፤ መልስ የሚሰጥ ሰው የለማ። ወንድማማቾች በሁለት ቤት ካሉ ደግሞ አንዱን ሁለት ጊዜ ይጠሩታል። ቢሆንም ትንበያው ውስጥ ካለችው ያቺ ዜሮ ይሻላል።

ስለዚህ ለእናትህ እንዲህ በላቸው። ቆጣሪው «እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ነው?» ሲል ያንተን ስም አይጥሩ፤ ቤቱም ርስቱም በቆጠራ ወረቀት አይሄድም፣ የምስጢር ወረቀት ነው፣ ለቀበሌም አይሰጥም። የምታግዛቸውን ልጅ ግን እንዳይረሷት። «ውጭ የሄደ አለ?» ከተባሉ ያኔ አንተንም እኅትህንም ይጥሩ፤ ያንተን «2006» ብለው። ዓመቱን በወረቀት ጽፈህ ላክላቸው። እናቶች ልጅ የሄደበትን ቀን በደንብ ያውቃሉ፣ ዓመተ ምሕረቱን ነው የሚያምታቱት።